የትምህርት ቤት ክፍያ በየዓመቱ ሲጨምር የቁጠባው ግብ በስንት ይደግ?

ጥያቄ፦ «ልጄ ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ አምስተኛ ክፍል ናት። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚያው በምትማርበት የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት እንድትቀጥል ከሁለት ዓመት በፊት መቆጠብ ጀመርኩ። ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ክፍያ በወር 4,000 ብር ስለነበር፣ በዓመት 10 ወር እያሰብኩ ለአራቱ ዓመት 160,000 ብር ግብ ያዝኩ። ግቡን በየዓመቱ 10 በመቶ እያሳደግኩ አሁን 193,600 ብር አድርሼዋለሁ። በየወሩ 2,500 ብር አስገባለሁ፤ 65,000 ብር ገደማ ተጠራቅሟል። ዘንድሮ ግን የዘጠነኛ ክፍል ክፍያ 6,000 ብር ሆነ። ባለቤቴ መንግሥት በሚያወጣው የዋጋ ንረት ልክ ግቡን እናሳድግ ይላል። በየዓመቱ በስንት በመቶ ላሳድገው?»

ምላሽ፦ ከመቶኛው በፊት መታረም ያለበት መቶኛው የሚጨመርበት ቁጥር ነው። አራቱ ዓመት በዛሬው ዋጋ ቢከፈል እንኳ 240,000 ብር ይፈልጋል፤ እርስዎ የያዙት ግብ ከዚህ በ46,400 ብር ያንሳል። ይህ የሆነው 10 በመቶውን የጨመሩት ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው ክፍያ ላይ ስለሆነና በመካከሉ ትምህርት ቤቱ በራሱ መንገድ ስለሄደ ነው። ከ4,000 ወደ 6,000 መድረስ በሁለት ዓመት 50 በመቶ ነው፤ በየዓመቱ ሲታሰብ ደግሞ 25 በመቶ ሳይሆን 22.5 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ ምክንያቱም የሁለተኛው ዓመት ጭማሪ በመጀመሪያው ዓመት ጭማሪ ላይ ጭምር ይቆጠራል። ስለዚህ አሮጌውን ግብ ማሳደግ ይተዉ። በየዓመቱ አዲሱ ክፍያ ሲታወቅ የቀድሞውን ቁጥር ሰርዘው ከአዲሱ ክፍያ ይነሱ። ትምህርት ቤቱ ትክክለኛውን ቁጥር በማስታወቂያ ሰሌዳው ለጥፎት ሳለ በአምና ግምት ላይ ሌላ ግምት መደረብ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እርስዎ በትክክል ይዘውታል፤ ብዙ ወላጆች ግን ይስቱታል። የሚከታተሉት ልጅዎ አሁን ያለችበትን የአምስተኛ ክፍል ክፍያ ሳይሆን የምትገባበትን የዘጠነኛ ክፍል ክፍያ ነው። ከአጸደ ሕፃናት ወደ አንደኛ፣ ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ ሲታለፍ ዋጋው ከዓመታዊው ጭማሪ በላይ የሚዘልባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ በየዓመቱ ምዝገባ ላይ የልጅዎን ክፍያ ሲከፍሉ የዘጠነኛውንም ጠይቀው ይመዝግቡ።

የባለቤትዎ ሐሳብ ምክንያታዊ ቢመስልም ለዚህ ጉዳይ አይሆንም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው የዋጋ ንረት አንድ ቤተሰብ በአማካይ የሚገዛቸውን ነገሮች ሁሉ ያካትታል፤ በዚያ ቅርጫት ውስጥ ደግሞ ምግብ ብቻውን ከግማሽ በላይ ድርሻ አለው። ጤፍና ዘይት ሲረክሱ ቁጥሩ ይወርዳል፣ የትምህርት ቤቱ ወጪ ግን አብሮ አይወርድም። የግል ትምህርት ቤት ትልልቆቹ ወጪዎች የመምህራን ደመወዝና ሕንፃው የኪራይ ከሆነ የቤት ኪራይ ናቸው፤ ሁለቱም አንዴ ከወጡ ወደ ኋላ አይመለሱም። ከዚህ የሚበልጠው ችግር ግን የጊዜ ልዩነቱ ነው። ክፍያ እንደ ቲማቲም ዋጋ በየሳምንቱ አይለወጥም፤ ትምህርት ቤቱ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ታግሶ፣ ከወላጆች ጋር ተነጋግሮ፣ ያለፈውን የኑሮ ውድነት በአንድ ጊዜ ይጨምረዋል። በ2014 ዓ.ም. አጠቃላዩ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ ክፍያቸውን ሳይነኩ ያለፉ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ጭማሪውን ወላጆች ያዩት ቆይቶ፣ የንረቱ ቁጥር መቀነስ ከጀመረ በኋላ ነው። በይፋ የሚነገረውን ቁጥር ተከትሎ ግቡን የሚያሳድግ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ባለበት ዓመት ዘና ይላል፤ ትልቁ ጭማሪ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ስለዚህ ያን ቁጥር የሚመጣውን ጭማሪ ለማስጠንቀቂያ እንጂ ለስሌት አይጠቀሙበት።

ታዲያ የወደፊቱን ጭማሪ ስንት ብለው ይያዙ? ልጅዎ ዘጠነኛ ክፍል የምትገባው በመስከረም 2022 ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ በመስከረም 2025። እያንዳንዱ ዓመት በራሱ ዋጋ ስለሚከፈል የአሥራ ሁለተኛው ክፍያ ሰባት ጊዜ ጨምሮ ይጠብቅዎታል። ክፍያው በየዓመቱ 10 በመቶ ቢጨምር የአራቱ ዓመት ድምር 408,000 ብር ገደማ ይሆናል። 15 በመቶ ቢጨምር 524,000፣ 20 በመቶ ቢጨምር ደግሞ 668,000 ብር ገደማ ነው። በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት ዛሬ ከሚፈለገው ከጠቅላላው 240,000 ብር ይበልጣል። ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች አንዱን መርጦ «ግቤ ይህ ነው» የሚል ሰው እየገመተ ነው፤ እኔም ብመርጥልዎት እየገመትኩ ነው። በብር የተያዘ ግብ በእንዲህ ዓይነት የዋጋ ለውጥ ውስጥ ወይ ሰውን አስደንግጦ ያስቆማል፣ ወይ ደርሻለሁ ብሎ ያዘናጋል።

የምመክርዎት ግቡን በብር መያዝ ትተው በክፍያ ወር እንዲይዙት ነው። ልጅዎ የምትፈልገው የአራት ዓመት ትምህርት 40 የክፍያ ወር ነው፤ የብሩ ዋጋ ምንም ቢሆን ይህ ቁጥር አይለወጥም። ያለዎትን ገንዘብም በዚሁ ይለኩት። 65,000 ብርዎ በ6,000 ሲካፈል 10.8 ወር ይሆናል። ክፍያው 4,000 በነበረበት ጊዜ ያው ገንዘብ ከ16 ወር በላይ ያስተምር ነበር። የባንክ ደብተርዎ ላይ ገንዘቡ አድጎ ሳለ በትምህርት ቤቱ መለኪያ አንድ ሦስተኛው ጠፍቷል፤ ወላጆች «እየቆጠብኩ ለምን አልደርስም» የሚሉበት ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነጥብ ለጥያቄዎ ዋናው መልስ ስለሆነ ረጋ ብለው ይዩት። ክፍያው 15 በመቶ ጨምሮ እርስዎም ወርሃዊ ቁጠባዎን 15 በመቶ ቢያሳድጉ የተካካሱ ይመስልዎታል፤ ነገር ግን ያሳደጉት አዲስ የሚገባውን ገንዘብ ብቻ ነው። ቀድሞ የተጠራቀመው ባንክ በሚከፍለው ወለድ ብቻ ነው የሚያድገው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር፤ ለስሌታችን 7 በመቶን እንያዝ። 100 ብር በዓመቱ 107 ብር ሲሆን 100 ብር የነበረው ክፍያ 115 ብር ከሆነ፣ የተጠራቀመው ገንዘብ የሚገዛው የክፍያ ወር በ0.93 ይባዛል፣ ማለትም በየዓመቱ ከመቶ ሰባቱ ይተናል። ከወለዱ ላይ ግብር ስለሚቆረጥ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ጥቂት ያነሰ ነው፣ ስሌቱን ግን አያናጋውም። ቁጠባው ገና ትንሽ ሳለ ይህ መትነን አይታይም። ገንዘቡ እየበዛ ሲሄድ ግን ከ20 ወር ውስጥ አንድ ወር ተኩል ገደማ በየዓመቱ ይጠፋል። ስለዚህ ዓመታዊው ማሳደጊያ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የወርሃዊው ቁጠባ ጭማሪ ነው፣ ሌላው የተጠራቀመው ገንዘብ ያጣውን መተካት ነው። ሁለተኛውን የሚያሰላ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

በእርስዎ ቁጥሮች ሠርቼዋለሁ። ክፍያው በአማካይ በየዓመቱ 15 በመቶ ይጨምራል፣ ባንክ 7 በመቶ ይከፍላል፣ የዓመቱን ክፍያ መስከረም ላይ ከቁጠባው ያወጣሉ፣ ልጅዎ ዘጠነኛ ከገባች በኋላም እስከ 2024 መጨረሻ መቆጠብዎን ይቀጥላሉ ብዬ ይዣለሁ። በዚህ አያያዝ በየዓመቱ 5.6 የክፍያ ወር ማስገባት ይበቃል። ለማስታወስ እንዲቀል 6 ወር እናድርገው፤ በሌላ አነጋገር በየወሩ የዘጠነኛ ክፍልን የወር ክፍያ ግማሽ ማስገባት ማለት ነው። ዘንድሮ 3,000 ብር ነው። ክፍያው 6,900 ሲሆን 3,450 ይሆናል፤ ክፍያው ምንም ያህል ቢሆን ግማሹ ነው። በስንት በመቶ ላሳድግ ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ ይህ ነው፤ መቶኛውን የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው፣ እርስዎ ግማሹን ይዘው ይከተሉታል። የተጠራቀመው ገንዘብ የሚያጣው ሰባት በመቶ በዚህ ግማሽ ውስጥ ቀድሞ ተቆጥሯል።

ዓመት በዓመት ሲታይ እንዲህ ይሄዳል። አሁን ያለው 10.8 ወር ላይ ዘንድሮ 6 ሲጨመር 16.8 ይሆናል፤ ዓመቱ ሲዞር በ0.93 ተባዝቶ መስከረም 2019 ላይ 15.6 ወር ሆኖ ያገኙታል። በዚያው መንገድ መስከረም 2020 ላይ 20.1፣ መስከረም 2021 ላይ 24.3፣ ልጅዎ ዘጠነኛ በምትገባበት በመስከረም 2022 ደግሞ 28.2 ወር ይደርሳል። 40 ወር ሳይሞላ ለምን ይበቃል ካሉ፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ የሚያስፈልገው 10 ወር ብቻ ስለሆነና ቀሪው እየተጨመረበት ስለሚሄድ ነው። 10 ወጥቶ፣ 6 ተጨምሮ፣ ሰባት በመቶው እየተነነ ሲቀጥል አሥራ ሁለተኛው ተከፍሎ 2.3 ወር ይተርፋል። እነዚህን አራት ቁጥሮች፣ 15.6፣ 20.1፣ 24.3 እና 28.2ን፣ ደብተርዎ ላይ ይጻፏቸው፤ በየመስከረሙ የሚያመሳክሩት ከእነርሱ ጋር ነው።

አሁን የሚሄዱበት መንገድ የት እንደሚያደርስ ማየትም ይጠቅማል። 2,500 ብሩ ሳይለወጥ ቢቀጥል፣ በዚያው 15 በመቶ ጭማሪ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ይከፈላሉ፣ አሥራ አንደኛ መግቢያ ላይ ግን 139,000 ብር ገደማ ሲፈለግ በእጅዎ 78,000 ብቻ ይኖራል። 2,500ውን በየዓመቱ 10 በመቶ ቢያሳድጉት አሥራ አንደኛን ከሞላ ጎደል ይሸፍናሉ፣ ለአሥራ ሁለተኛ ከ100,000 ብር በላይ ይጎድላል። የሚያሳስበው እስከዚያ ድረስ ሁሉም ነገር ደህና መስሎ መቆየቱ ነው። ዘጠነኛ ስትገባ በደብተሩ ላይ ከ225,000 ብር በላይ ይኖራል፣ ከመጀመሪያው ግብም ያለፈ ይመስላል፤ ጉድለቱ የሚታየው ለብሔራዊ ፈተና በምትዘጋጅበት፣ ትምህርት ቤት መቀየር ከምንጊዜውም በሚከብድበት ዓመት ነው።

ክፍያው ግን በየዓመቱ እኩል 15 እየጨመረ አይሄድም። የሚቀጥለው ዓመት ጭማሪ 25 በመቶ ሆነ እንበል፤ ክፍያው 7,500 ይሆናል። በመስከረም 2019 የተጠራቀመው ገንዘብ በወር ሲቆጠር 15.6 ሳይሆን 14.4 ይሆናል፣ ስለዚህ 1.2 ወር ወይም 9,000 ብር ጎድሏል። የወርሃዊው ቁጠባ ግማሽ በደንቡ መሠረት 3,750 ይሆናል። ጉድለቱን ደግሞ በሁለት ዓመት ለመተካት በወር 375 ብር ይጨምሩበት፤ ጠቅላላው 4,125 ነው። ጉድለቱን በአንድ ጊዜ ለመሙላት ብድር መግባት ትርፍ የለውም፤ «የሚቀጥለው ዓመት ይካካሳል» ብሎ ማለፍም እንዲሁ አይበጅም። ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ጉድለት ካለ የሚመጣው ጭማሪ ይደረብበታል፣ ያኔ ልማድ ሆኖ ይቀራል።

ጭማሪ የሌለበት ዓመትም የራሱ ፈተና አለው። ክፍያው ባለበት ከቆየ የተጠራቀመው ገንዘብ በወር ሲለካ ያድጋል፤ ከ15.6 ይልቅ 18 ወር ይሆንልዎታል። ይህ ትርፍ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ጭማሪውን ለሌላ ዓመት አቆይቶታል እንጂ አልተወውም። አንድ የማውቃቸው ቤተሰብ ሁለት ዓመት ያለ ጭማሪ ካለፈ በኋላ «ከዕቅዳችን ቀድመናል» ብለው ከዚሁ ቁጠባ የቤት ዕቃ ገዙ፤ በሦስተኛው ዓመት ክፍያው በአንድ ጊዜ በግማሽ ያህል ጨመረ። ክፍያው ባልተነካበት ዓመትም ወርሃዊውን ቁጠባ ቢያንስ 10 በመቶ ያሳድጉ። ደመወዝዎም ጭማሪውን ቀስ በቀስ ይለምደዋል፣ ዝላዩ ሲመጣም ግማሽ መንገድ ሄደው ይጠብቁታል።

ግማሽ የሚለው ደንብ እስከ ምን ድረስ ይችላል? ክፍያው ሰባቱንም ዓመት ሳያቋርጥ በ20 በመቶ ቢጨምር፣ ያለ ምንም ማስተካከያ የሚጎድለው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሁለት ወር ብቻ ነው። በብር የተያዘው ግብ በ15 እና በ20 መካከል በ144,000 ብር ሲለያይ፣ በወር የተያዘው በአራት ወር ገደማ ብቻ፣ ከ2.3 ወር ትርፍ ወደ ሁለት ወር ጉድለት፣ መለያየቱ ነው ይህን መንገድ እንድመርጥ ያደረገኝ። ነገር ግን የማይሸፍነውም አለ። የመመዝገቢያ፣ የመጽሐፍና የዩኒፎርም ወጪ አልገባበትም። እነዚህ በአንድነት በዓመት አንድ ወር ያህል ከሆኑ፣ ማለትም ዓመቱን 11 ወር ብለው ከቆጠሩ፣ በመጨረሻው ዓመት አንድ ወር ከሩብ ገደማ ይጎድላል፤ ያን ከደመወዝ መሸፈን ይቻላል። ሰርቪስ ከነዳጅ ዋጋ ጋር ስለሚሄድ ከዚህ ቁጠባ ውጭ ያድርጉት። ክፍያውን በዶላር የሚተምን ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ስሌት አይሠራም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ምን ያህል እንደወረደ ያስታውሳሉ፤ በዚያ ዓይነት ክፍያ ግማሹ በአንድ ሌሊት ሌላ ቁጥር ይሆናል።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ የሚለው የሚለውጠው ያን 0.93 ነው። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ከመደበኛው ቁጠባ የተሻለ ወለድ ስለሚያስገኝ፣ ከ2022 በፊት የማይነኩትን ገንዘብ በአንድ አንድ ዓመት ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ወለዱ 10 በመቶ ቢሆን ቁጥሩ ወደ 0.96 ያድጋል። የገደቡን ማብቂያ ነሐሴ ላይ ያድርጉት፤ ክፍያ በሚጠየቅበት ጊዜ ገንዘቡ ተዘግቶበት ገደቡን ያፈረሰ ሰው የወለዱን ጥቅም ያጣል። ከወለድ ነፃ በሆነ፣ ትርፍ በማይካፈል የአደራ ሒሳብ የሚቆጥብ ቤተሰብ ቁጥሩን 0.87 አድርጎ መያዝ አለበት፤ ስለዚህ ከግማሽ በላይ ማስገባት ይጠበቅበታል፣ ወይም ትርፍ የሚያካፍለውን ሒሳብ ይጠይቅ። እቁብ ለዚህ ዓላማ ጥሩ የሚሆነው ከዓመት ካልበለጠ ብቻ ነው፤ ወለድ ስለሌለው ዕጣው መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ጭማሪውን በሙሉ ይሸከማል። የዓመቱን ክፍያ በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ቅናሽ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ካለ ይቀበሉት። የሁለትና የሦስት ዓመት ክፍያ አስቀድሞ መክፈልን ግን አልመክርም፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ባለቤት ይቀየራል፣ እናንተም ሰፈር ትለውጣላችሁ፣ ገንዘቡን ማስመለስም ብዙ ያመላልሳል።

የመጨረሻው ገደብ ገቢያችሁ ነው። ሸክሙ የሚከብደው ዘጠነኛ ከመግባቷ በፊት ባሉት አራት ዓመታት ነው፤ ምክንያቱም የአሁኑን ክፍያ ከደመወዝ እየከፈሉ የወደፊቱን ግማሽ ይቆጥባሉ። ዘጠነኛ ከገባች በኋላ ክፍያውን ቁጠባው ስለሚችለው ከደመወዝ የሚወጣው ግማሹ ብቻ ይሆናል። ለምሳሌ የአምስተኛ ክፍል ክፍያ 4,500 ቢሆን ከ3,000ው ጋር በወር 7,500 ብር ይወጣል። የቤተሰቡ ገቢ 40,000 ብር ሆኖ በየዓመቱ 8 በመቶ ቢያድግ፣ ይህ ወጪ ዛሬ ከገቢው 19 በመቶ ገደማ ሲሆን በ2021 ወደ 23 በመቶ ገደማ ይወጣል። የራሳችሁን ቁጥር አስገብታችሁ ከሩብ በላይ የሚሆን ከሆነ ግማሹን ይዛችሁ አትዘልቁትም፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ወሮች መዝለል ትጀምራላችሁ።

ይህ ከሆነ ቁጠባውን በዘፈቀደ ከመቀነስ ግቡን ራሱን ከ40 ወር ወደ 20 ወር ያውርዱት። ዘጠነኛና አሥረኛን አሁን እንደሚያደርጉት ከደመወዝ እየከፈሉ፣ ቁጠባውን ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ብቻ ያቆዩት። ያኔ በየወሩ የሚያስፈልገው የዘጠነኛ ክፍል ክፍያ አንድ አምስተኛ ነው፣ ዘንድሮ 1,200 ብር፤ ያለዎት 10.8 ወርም እየተነነ ቢሄድም ከሚፈለገው አንድ ሦስተኛውን ያህል ይሸፍናል። የእኔ ምክር ከዚህ ወር ጀምሮ 3,000 ብር እንዲያስገቡና መስከረም 2019 ላይ ገንዘቡን በአዲሱ ክፍያ አካፍለው ከ15.6 ጋር እንዲያመሳክሩት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳይዘልሉ ማስገባት ካልቻሉ የ20 ወሩን ግብ ያኔውኑ ይያዙ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል እስክትደርስ ካቆዩት ግን የጎደለውን የሚያካክሱባቸው የክፍያ ወሮች እያነሱ፣ እያንዳንዱ ወር የሚጠይቀው ብርም እየጨመረ ይጠብቅዎታል።